አንድ ምንባብ፣ ሦስት መልመጃ፦ ችሎታው ለተለያየ ክፍል የአንብቦ መረዳት ትምህርት እንዴት ይዘጋጃል?

አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ገብታችሁ ምንባብ አስነብባችሁ ስትጠይቁ፣ እጃቸውን የሚያወጡት ሁልጊዜ እነዚያው ልጆች ናቸው። አንዳንዱ ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ቀድሞ ጨርሶ መስኮት መስኮቱን ያያል። ብዙ መምህር ለደከሙት ቀለል ያለ፣ ለጎበዞቹ ከበድ ያለ ምንባብ ይሰጣል። እኔ ይህን አልመክርም። ምንባቡ ከተለያየ ክፍሉ አብሮ የሚወያይበት ነገር ያጣል። ዓመቱን ሙሉ ቀላል ቀላሉን ያነበበ ልጅም ከባዱን ሳይሞክር ይቀራል። ምንባቡም ዋናው ጥያቄም ለሁሉም አንድ ይሁን፤ የድጋፉ መጠን ብቻ ይለያይ።

1. ልጁ የሚቸገረው ምኑ ላይ እንደሆነ ለዩ

ፊሊፕ ጎፍ እና ዊልያም ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 አንብቦ መረዳትን የሁለት ነገሮች ብዜት አድርገው አቅርበውታል። አንዱ ፊደሉን ወደ ቃል መለወጥ ነው፤ ሌላው ቋንቋውን ሰምቶ መረዳት። ብዜት ስለሆነ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። ስለዚህ ፈተና ላይ እኩል አራት ከአሥር ያገኙ ሁለት ልጆች ችግራቸው ፈጽሞ ሊለያይ ይችላል።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ ሲሠሩ ልጁን ጠጋ አድርጋችሁ አንድ አጭር አንቀጽ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ከዚያ በራሱ አባባል ይንገራችሁ። ቀጥሎ ሌላ አንቀጽ እናንተ አንብቡለትና ይህንንም ይንገራችሁ። ሲያነብ እየተንተባተበ፣ ሲነበብለት ግን ጥርት አድርጎ የሚናገር ልጅ ችግሩ ፊደሉ ላይ ነው። ጽሑፉ ከተነበበለት ከባድ ጥያቄም ይመልሳል። እንደ ውኃ እያንቆረቆረ አንብቦ ምንም መናገር የማይችለው ደግሞ የሚደናገረው ትርጉሙ ላይ ነው። መምህሩ ብዙ ጊዜ የሚታለለው በዚህኛው ነው፤ ንባቡ ስለሚያምር ጎበዝ ይመስላል።

2. ምንባቡን ምረጡ፣ ዋናውን ጥያቄ ጻፉ

አጭር ይሁን፤ ግን በግልጽ ያልተነገረ ነገር በውስጡ ይኑር። ለምሳሌ ይህን እንውሰድ፦

> አንዲት ንብ ብዙ አበባ ያለበት ቦታ አግኝታ ወደ ቀፎዋ ተመለሰች። ቀፎው ውስጥ ጨለማ ነው። ንቧ ሰውነቷን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ከዚያ ዞራ ትመለስና ያንኑ ትደግማለች። ሌሎቹ ንቦች ተጠግተው በአንቴናቸው እየነኳት ይከተሏታል። አበባው ሩቅ ከሆነ የምታወዛውዝበት ጊዜ ይረዝማል። የምትሄድበት አቅጣጫ ደግሞ አበባው ከፀሐይ በየት በኩል እንዳለ ይጠቁማል። ጥቂት ቆይቶ ንቦቹ ተራ በተራ ከቀፎው ይወጣሉ።

ዋናው ጥያቄያችን፦ «ንቦቹ ንቧን መንካት ለምን አስፈለጋቸው?» የሚል ነው። ምንባቡ መልሱን አይናገርም። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ከአራተኛው ጋር ያገናኘ ልጅ ግን ያገኘዋል፦ ጨለማ ስለሆነ ማየት አይችሉም።

3. ከላይ ወደ ታች ውረዱ

ከቀላሉ ከጀመራችሁ «ንቧ ምን አገኘች?» በሚሉ ጥያቄዎች ወረቀቱ ይሞላና ዋናው ነገር ይረሳል። ዋናውን ጥያቄ አስቀምጡና ልጁ እዚያ ለመድረስ ምን እንደሚያስፈልገው እያሰባችሁ ድጋፍ ጨምሩ።

*ብዙ ድጋፍ ያለው መልመጃ።* ሁለቱ ወሳኝ ዓረፍተ ነገሮች ተሰምሮባቸው ይቅረቡ። መጀመሪያ ልጁ ንቦቹ የሚያደርጉትን ከምንባቡ ይጠቁም። ቀጥሎ «ቀፎው ውስጥ ____ ስለሆነ ንቦቹ ንቧን ____ አይችሉም። ስለዚህ ____» የሚለውን ያሟላ። የመጨረሻውን ክፍት ቦታ በራሱ ቃል ይሙላው። ለማንበብ ለሚቸገሩት ምንባቡን አንብቡላቸው፤ ወይም ከሚያነብ ጓደኛ ጋር አጣምሯቸው።

*መካከለኛ ድጋፍ።* ምንም አይሰመርም። «መልሱ በሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ተከፋፍሎ አለ፤ ፈልጋችሁ አስምሩ፤ ከዚያ በ‹ስለዚህ› አገናኙ» በሏቸው። ፍንጩ ይኸው ብቻ ነው።

*ያለ ድጋፍ።* እዚህ ጋ የጥያቄ ብዛት መጨመር ስህተት ነው። ፈጣኑ ልጅ ተጨማሪ አምስት ጥያቄ ከተቆለለበት ቶሎ መጨረስ ቅጣት እንደሆነ ይገባዋል፤ በሚቀጥለው ቀን ቀስ ይላል። ይልቅ እንዲህ ስጡት፦ «አንድ ልጅ ‹ንቦቹ የንቧን እንቅስቃሴ አይተው ነው የሚያውቁት› አለ። ከምንባቡ ማስረጃ ጠቅሳችሁ መልሱለት። ሁለት ንቦች በአንድ አቅጣጫ ሄደው አንደኛዋ ረዘም ላለ ጊዜ ብታወዛውዝስ ምን ትረዳላችሁ?» የሁለተኛው መልስ፣ ሁለቱም አበባዎች በአንድ በኩል መሆናቸውና የአንደኛዋ ራቅ ማለቱ ነው።

4. ክፍለ ጊዜውን አከፋፍሉ

አርባ ደቂቃ አላችሁ እንበል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች «ቀፎ» እና «አንቴና» የሚሉትን ቃላት በሥዕል አስረዱ። «ጨለማ» ላይ አትቁሙ፤ መልሱን ትሰጧቸዋላችሁ። ቀጥሎ ምንባቡን እናንተ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ እነሱ በጣታቸው ይከተሉ። ይህ አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው። ለመልመጃው አሥራ አምስት ደቂቃ ስጡ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ደቂቃዎች ብዙ ድጋፍ ከሚፈልጉት አጠገብ ሁኑ፤ ከዚያ ተነሡ። እዚያው ከተቀመጣችሁ ልጆቹ እናንተን እየጠበቁ ይሠራሉ።

የቀረው አሥር ደቂቃ የጋራ ውይይት ነው። ዋናውን ጥያቄ መጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ያሟሉትን ልጆች ጠይቁ። መልሱ እጃቸው ላይ አለ። ከዚያ መካከለኞቹ «ከየት አመጣችሁት?» ለሚለው ያሰመሩትን ያሳዩ። መጨረሻ ላይ ሦስተኛዎቹ ሙግታቸውን ያቅርቡ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ጎበዞቹ ሁሉንም ይናገሩና ሌላው ዝም ይላል።

ወረቀቶቹ በመልክ ይመሳሰሉ፤ «ሀ፣ ለ፣ ሐ» የሚል ምልክትም አይኑርባቸው። ልጆች ደረጃቸውን ለማወቅ አንድ ቀን አይፈጅባቸውም።

5. ድጋፉ ልክ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

ብዙ ድጋፍ ያገኙት ክፍት ቦታውን ሞልተው «ለምን?» ሲባሉ ዝም ካሉ፣ ቃል ገልብጠው ነው እንጂ አልገባቸውም። በሚቀጥለው ጊዜ ክፍት ቦታውን ቀንሱና በቃል አስነግሯቸው። መካከለኞቹ ምንባቡን ከዳር እስከ ዳር ካሰመሩ ፍንጩ አልጠቀማቸውም፤ መፈለጊያውን ወደ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አጥብቡላቸው። ሦስተኛዎቹ ስለ ንብ ከቤት የሚያውቁትን ከጻፉ «የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አለ?» ብላችሁ ወደ ምንባቡ መልሷቸው።

ከመውጣታቸው በፊት ሁሉም ልጅ በቁራጭ ወረቀት አንድ አዲስ ጥያቄ ይመልስ፦ «የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ንቦቹ ወዴት የሚሄዱ ይመስላችኋል? በምን አወቃችሁ?» ፍንጭ አትስጡ። ወረቀቶቹን ሦስት ቦታ ክፈሏቸው፦ መልስም ማስረጃም ያለው፣ መልስ ብቻ ያለው፣ ሁለቱም የሌለው። የሚቀጥለውን ትምህርት ቡድን ከዚህ አዋቅሩ። ብዙ ድጋፍ ሲያገኝ የነበረ ልጅ መልሱንም ማስረጃውንም ከጻፈ፣ ነገ መካከለኛውን ወረቀት ስጡት።