ጣሳው ነው ወይስ ከረሜላው?

አክስቴ ከወሎ ሐይቅ ወደ ውጭ አገር በመጣች በሁለተኛ ሳምንቷ ሆዷ ተነፋ። ሌሊት ይንጫጫል፣ ጠዋት ያስቀምጣታል። ስኳር ስላለባት የምትጠጣው ዜሮ የተባለውን ለስላሳ ነበር። «ይሄ ጣሳ ኮሶ ሆነብኝ» አለች። ብዙ አዲስ መጪ እንዲሁ ጣሳውን ነው የሚወቅሰው።

አገላብጬ አነበብኩላት። አስፓርቴም ይላል። አውሮፓ ከሆናችሁ ዝርዝሩ ውስጥ በስሙ ፈንታ ኢ951 የሚል ቁጥር ልታዩ ትችላላችሁ። አስፓርቴም ከስኳር 200 እጥፍ ያህል ስለሚጣፍጥ አንድ ጣሳ ውስጥ ያለው ከግራም ያነሰ ነው። እሱም ትንሹ አንጀት ውስጥ ተሰባብሮ ያልቃል። «ፌኒላላኒን አለው» የሚለው ማስጠንቀቂያም አያስደንግጣችሁ፤ ፒኬዩ የሚባል የውርስ ሕመም ላለበት ሰው የተጻፈ ነው። ከቅጠል የሚወጣው ስቲቪያ፣ ኢ960፣ እሱም የሚገባው በጥቂቱ ነው። ጣሳው ከነፋችሁ ብዙውን ጊዜ ጋዙ ነው።

«ሌላስ ምን ትበያለሽ?» አልኳት። ከቦርሳዋ ስኳር አልባ የሚንት ከረሜላ አወጣች። የመጀመሪያው ቃል ሶርቢቶል፣ ኢ420። «ስኳር አልኮል ነው» ስላት ከረጢቱን ወረወረችው። «አዑዙ ቢላህ! አልኮል ስበላ ከረምኩ?» አብሽሪ አልኳት። ስሙ የኬሚስቶች ነው እንጂ የሚያሰክረው አልኮል የለበትም።

ጥፋቱ ሌላ ነው። ሶርቢቶል እንደ አስፓርቴም በጥቂቱ አይገባም፤ ከረሜላው ራሱ ከሞላ ጎደል እሱ ነው። ትንሹ አንጀት በደንብ አይመጠውም። ስለዚህ ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፤ ያስቀምጣል። የቀረው ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ጋዝ ያወጣል። ልክ እንደ ሊጥ ነው፤ ሲቦካ ይነፋል።

ቆጠርን። አንዷ ፍሬ 2 ግራም ገደማ ናት። አክስቴ በቀን ከ10 በላይ ትመጥጣለች፤ ይሄ ከ20 ግራም ያልፋል። ብዙ ሰው 10 ግራም አካባቢ ሲደርስ ይነፋል፣ 20 ሲሆን ያስቀምጠዋል። ከረጢቱ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል «ከመጠን በላይ ከተበላ ያስቀምጣል» የሚል አለ፤ ማን ያነበዋል?

ለሦስት ቀን ከረሜላውን አቆመች፣ ጣሳውን ግን እንደለመደችው ጠጣች። ሆዷ ዝም አለ። እናንተም እንዲህ ለዩ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ካቆማችሁ ጥፋተኛውን አታውቁትም። ከረሜላውን አቁማችሁም ካላቆመ፣ ወይም ደምና ትኩሳት ካለው፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

መጨረሻው «ኦል» የሆነ ስም ስታዩ መጠኑን ጠይቁ። ማልቲቶል ስኳር አልባ ቸኮሌት ውስጥ ይበዛል። የደም ስኳርንም ከተራው ስኳር ባነሰ መጠን ይጨምራልና የስኳር ሕመምተኛ ልብ ይበል። ኤሪትሪቶል ለሆድ ይሻላል፤ አብዛኛው ወደ ደም ገብቶ በሽንት ይወጣል። ስቲቪያ ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው ዱቄት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቀላቀለው እሱ ነው።

ያንን ከረጢት ለአክስቴ ለቡና ገዝቼላት ነበር። አልነካችውም። ቡናዋን ድሮም በጨው ነው የምትጠጣው።