ስኳርዎን መቼ ይለኩ? ለክኒንና ለኢንሱሊን ተጠቃሚዎች

ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው መለኪያ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር «በየጠዋቱ ተለካ» የሚል ነው። ለአንዳንዱ ይህ ያንሳል፤ ለሌላው ስትሪፕ ማባከን ነው። የሚለየው የሚወስዱት መድኃኒት ነው።

ችግር፦ ሜትፎርሚን ብቻ ነው የምወስደው፤ በየጠዋቱ ብለካም ለውጥ የለም

ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። የጠዋቱን ቁጥር አይተው የክኒኑን መጠን አይቀያይሩም። ስለዚህ 142ም ይሁን 150 ያን ቀን የሚያደርጉት ነገር አይለወጥም።

መፍትሄው «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለውን የደም ምርመራ መያዝ ነው። እስኪስተካከል በየ3 ወሩ፣ ከተስተካከለ በኋላ በየ6 ወሩ ይበቃል። ስትሪፑን ለጥያቄ ያቆዩት። ለምሳሌ ምሳዎ ምን እንደሚያደርግዎ ለማወቅ ከመብላትዎ በፊት፣ ከዚያም መብላት ከጀመሩ 2 ሰዓት በኋላ ይለኩ። በተደጋጋሚ ከ180 ካለፈ እንጀራውን ቀነስ አድርገው፣ ያንኑ ወጥ በልተው እንደገና ይለኩ። ለጥቂት ቀን ይህን ካደረጉ መልሱን ያገኙታል፤ ከዚያ ማቆም ይቻላል።

ችግር፦ እኔም ክኒን ነው የምወስደው፤ ግን ያልበኛል፣ እጄም ይንቀጠቀጣል

ክኒኑ ግሊቤንክላሚድ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ይህ መድኃኒት ቢበሉም ባይበሉም ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያወጣ ይገፋዋል። ምሳ ሲዘገይ ስኳር ይወርዳል። እዚህ ላይ የሚጠቅመው በቋሚ ሰዓት መለካት ሳይሆን ምልክቱ በተሰማዎት ቅጽበት መለካት ነው። ከ70 በታች ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ፤ ከፍ ሲል ምግብ ይብሉ። መለኪያ አጠገብዎ ከሌለ ሳይለኩ ይጠጡ።

ባጃጅ ወይም ሌላ መኪና የሚነዳ ሰው ከመነሳቱ በፊት ይለካ። ሁዳዴን ወይም ረመዳንን የሚጾም ደግሞ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፣ በጾም ሰዓትም ይለካ።

ችግር፦ ኢንሱሊን እወጋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ግን ከፍ ይላል

ጠዋትና ማታ ኤንፒኤች የሚባለውን ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከቁርስና ከእራት በፊት ቢለካ ጥሩ ነው። የጠዋቱ ቁጥር የሚናገረው ስለ ማታው መርፌ ነው፤ የእራት ሰዓቱ ደግሞ ስለ ጠዋቱ። ስትሪፕ ካጠረ አንድ ቀን ጠዋት፣ በማግስቱ ማታ እያፈራረቁ መለካት ሁልጊዜ ጠዋት ብቻ ከመለካት ይሻላል።

አንዲት የአዳማ እናት እናስብ። ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ እራት ላይ፣ ኤንፒኤች ይወጋሉ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 190 አካባቢ ያገኛሉ። ቤተሰቡ «የማታው መጠን አነሰ፣ ይጨመር» ይላል። ከመጨመር በፊት ግን ሌሊቱን ማየት ያስፈልጋል። ሲተኙ 155 ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲቀሰቀሱ 62 ሆነ፣ ልብሳቸውም በላብ ርሷል። ስኳር በውሃ ጠጡ። የዚያን ጠዋት ቁጥር አይቆጠርም፤ የጠጡት ስኳር አለበት። ሌላ ሌሊት ደግመው ሲለኩም 66 ሆነ።

ኤንፒኤች በጣም የሚበረታው ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እራት ላይ ሲወጋ ጉልበቱ ሌሊት ላይ ይበረታና ሊነጋ ሲል ይደክማል። ሰውነት ደግሞ ንጋት ላይ በራሱ ስኳር ይለቃል። ስለዚህ መጠኑ ቢጨመር ኖሮ የሌሊቱ መውረድ ይብስ ነበር። ሐኪሙ የሚያስበው መርፌውን ወደ መኝታ ሰዓት ማዛወር፣ ምናልባትም መጠኑን መቀነስ ነው። ከለውጡ በኋላ ለጥቂት ቀናት ጠዋትና አንዳንድ ሌሊት መለካት ያስፈልጋል። ሁለት የሌሊት ስትሪፕ የወር የጠዋት ቁጥሮች ያልነገሩትን ነገረ።

ችግር፦ ቁጥሩ ከሁኔታዬ ጋር አይገጥምም

ማንጎ ወይም ብርቱካን በላጡበት ጣት ከተለኩ ቁጥሩ በሐሰት ይንራል። እጅዎን በውሃና በሳሙና ታጥበው፣ አድርቀው ይድገሙት። የስትሪፑንም ማስቀመጫ ይመልከቱ፤ አብዛኛው ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት። የአዳማ ቆርቆሮ ቤት በቀትር ከዚያ ያልፋል። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ፣ ቀዝቀዝ ባለ ጥግ ይቀመጥ፤ መኪና ውስጥ አይተው።

ችግር፦ ታምሜያለሁ፣ ወይም ፕሬድኒሶሎን ታዞልኛል

ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ሲወሰድ ስኳርን የሚያንረው በተለይ ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድም ቢሆን በእነዚያ ቀናት ከእራት በፊት ይለካ፤ የጠዋቱ ደህና መስሎ ያታልላል። ትኩሳት ወይም ትውከት ያለበት የኢንሱሊን ተጠቃሚ በየ4 ሰዓቱ ይለካ። ምግብ አልበላልኝ አለ ብሎ ኢንሱሊኑን በራሱ አያቁም። ከ300 በላይ ሆኖ አልወርድ ካለና ማስመለስ ካለ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ።