አራት ሰው በሚያድርበት ክፍል፣ ሁለት ሥራ ይዞ እንዴት እንደሚተኛ

ደብረ ማርቆስ የተከራየናት ክፍል ሦስት ሜትር በአራት ነበረች። አራት ሆነን እንኖርባታለን፤ አንዱ ተማሪ፣ አንዱ ባጃጅ ነጂ፣ አንዱ ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛ፣ አራተኛው እኔ። እኔ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ዳቦ ቤት እሠራለሁ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ደግሞ ካፌ አስተናግዳለሁ። እነሱ ሊነሱ ሲሉ እኔ ገብቼ እጋደማለሁ፤ አልጋዬ ሳይሞቅ ባልዲው፣ ሬዲዮው፣ የበሩ ሲጥሲጥታ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት እንቅልፍን ባገኘሁበት ሰዓት ነበር የምቃርመው። አንድ ሌሊት ለአንድ ሊጥ ሁለት ጊዜ ጨው ጨምሬ የዚያን ቀን ዳቦ በሙሉ አበላሸሁት። መላ መፈለግ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ከታች ያለው የራሴ ሰዓት ነው። ጥበቃ እያደረ ቀን ሸክም የሚሠራ፣ ወይም ሆስፒታል እያደረ ቀን የሚማር ሰው ሰዓቱን ወደ ራሱ ያዙረው፤ አካሄዱ ግን አንድ ነው።

መጀመሪያ ካስማውን ይምቱ

ብዙ ሰው ቀድሞ የጆሮ መድፈኛ ይገዛል። እኔም እንደዚያ ነበር ያደረግኩት፤ ጥቅሙ ግን ሰዓቱ ካልረጋ ግማሽ ነው። ሰውነታችን በቀን አንድ ጊዜ የሚዞር የራሱ ሰዓት አለው። ዛሬ ጠዋት፣ ነገ ማታ፣ ከነገ ወዲያ ቀትር ላይ ከተኙ ያ ሰዓት የሚይዘው ያጣል። ማይነርስ እና ዋተርሃውስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛዊ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያሳዩት ነገር ለእኛ ዓይነቱ ሰው ይጠቅማል፦ እንቅልፍ ለሁለት ቢከፈልና አንዱ ክፍል ቢዋዥቅ እንኳ፣ ሌላው 4 ሰዓት ያህል በየቀኑ በዚያው ሰዓት ላይ ከዋለ የሰውነት ሰዓት እንደረጋ ይቆያል። ያንን የማይነቃነቅ ክፍል እኔ ካስማ እለዋለሁ። ድንኳኑን ንፋስ ቢያወዛውዘውም ካስማው ከያዘ አይነቀልም።

የእኔ ካስማ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው፤ አምስት ሰዓት ተኩል። ከካፌ ስወጣ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት እተኛለሁ። ሲደመር ሰባት ሰዓት ይሆናል፤ ለአዋቂ ሰው ከዚያ ያነሰ እንዳይሆን ይመከራል። የምሽቷን ብዙ ጊዜ እንግዳ ይወስዳታል፣ አንዳንዴም ካፌው ያመሻል። ካስማውን ግን ለማንም አልሰጥም።

የሚያበላሸው የእረፍት ቀን ነው። ዳቦ ቤት የማልገባበት ሌሊት እንደ ሰው ልተኛ ብዬ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቼ 12 ሰዓት እነሳ ነበር፤ በማግስቱ ሌሊት ሊጡ ላይ ቆሜ አንቀላፋለሁ። መፍትሔው አምሽቶ መተኛት ነው። በእረፍቴ ሌሊት እስከ 8 ሰዓት ልብስ አጥቤ፣ ከተማሪው ጋር አውርቼ እቆይና ተኝቼ እንደ ወትሮው 4 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ። እንቅልፉ ረዘመ፣ ካስማው ግን ከቦታው አልተነሳም።

ቡናንም በዚሁ ሰዓት ይቁጠሩት። ከጠጡት ቡና ውስጥ የሚያነቃው ነገር ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ደም ውስጥ አለ። ስለዚህ ሌሊት የመጨረሻዬ ስኒ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ቀን ካፌ ውስጥ ደግሞ ከ8 ሰዓት በኋላ አልቀምስም። ቡና በሚፈላበት ቤት እየሠሩ ይህን ማድረግ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አልዋሽም።

የጆሮ መድፈኛው

የሚፈለገው ተጨምቆ መልሶ የሚያብጠው የስፖንጅ ዓይነት ነው። ፋርማሲ ካጡ የብየዳና የግንባታ መከላከያ ዕቃ የሚሸጡበት ይጠይቁ። ጥጥ አይተካውም፤ ድምፅ እምብዛም አይከለክልም፣ ክሩም ጆሮ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ አገባቡን ስለማያውቅ ነው። እጅዎን በደንብ ታጥበው ያድርቁ፤ እኔ በዱቄት እጄ እየነካሁት ሁለት ሳምንት ጆሮዬን ሲያሳክከኝ ነበር። ከዚያ ስፖንጁን በጣቶችዎ መካከል እያሽከረከሩ መጨማደድ የሌለው ቀጭን ዘንግ እስኪሆን ያጥብቡት። ለቀኝ ጆሮ በግራ እጅዎ ከራስዎ ኋላ አልፈው ቅጠሉን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳቡ፤ የተጣመመው የጆሮ ቀዳዳ የሚቃናው ያኔ ነው። ሳያብጥ ቶሎ ያስገቡና ጫፉን በጣትዎ ደግፈው ቀስ ብለው እስከ 30 ይቁጠሩ። ካልደገፉት እያበጠ ራሱን ገፍቶ ይወጣል።

መግባቱን እንዴት ያውቃሉ? ድምፅ አውጥተው ይናገሩ፤ ድምፅዎ ከበርሜል ውስጥ እንደሚወጣ ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ ሁለት መዳፍዎን በጆሮዎ ላይ ጥብቅ አድርገው ይክደኑ። ጫጫታው በጣም ከቀነሰ መድፈኛው አልገባም ማለት ነውና አውጥተው እንደገና ያስገቡ። ብዙም ለውጥ ከሌለ ገብቷል።

ፍጹም ጸጥታ ግን አይጠብቁ። የሳህን ኳኳታ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የበር ሲጥሲጥታ በደንብ ይቀንሳል። የወፍጮ ጉርምርምታ፣ የጄኔሬተር ድምፅ፣ ከጎረቤት መጠጥ ቤት የሚመጣው የሙዚቃ ድብደባ ግን በግድግዳና በአልጋ በኩል ስለሚመጣ ይሰማል። ለዚያ የሚያግዘው አልጋን ከዚያ ግድግዳ አንድ ክንድ ማራቅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የልብዎ ምትና የምራቅዎ ድምፅ ይረብሽዎታል። ሌሊት ከመሞከርዎ በፊት ቀን ላይ ሃያ ደቂቃ እያደረጉ ይልመዱት።

ሲያወጡ በአንድ ጊዜ አይመንጭቁ፤ እያጠማዘዙ ቀስ ብለው። ስፖንጁ ሲቆሽሽ ወይም ተጨምቆ መልሶ አላብጥ ሲል ይጣል፤ አብሮ አደር አያዋሱ። ጆሮው የሚያመው፣ ፈሳሽ ያለው ወይም ታምቡሩ የተቀደደ ሰው ሐኪም ሳያይ አይጠቀም። ለረጅም ጊዜ የሚጠቀም ሰው የጆሮ ኩክ ወደ ውስጥ ሊገፋበት ይችላል፤ መስማት ከቀነሰ ጤና ጣቢያ ያሳጥቡ እንጂ በክብሪት እንጨት አይጎርጉሩ።

«ሰዓቱን እንዴት እሰማለሁ?» ላሉ፦ ስልኩን ንዝረት ላይ አድርጌ ካልሲ ውስጥ ከትቼ ክንዴ ላይ በሻሽ አስረዋለሁ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ባጃጅ ነጂውን «4 ሰዓት ተኩል ላይ ብታልፍ ግባና እግሬን ነቅንቀኝ» ብዬው ነበር።

የዓይን መሸፈኛው

ሌሊት 11 ሰዓት ጨለማ ነው፤ ችግሩ ከ12 ሰዓት በኋላ ይጀምራል። በራችን በተከፈተ ቁጥር ብርሃኑ ፊቴ ላይ ይወድቃል፣ የቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ ሳይቀር ጮራ ይልካል። ብርሃን ደግሞ ለሰውነት ሰዓት ዋናው ደወል ነው። መሸፈኛው ታዲያ ከነቁ በኋላ ሳይሆን ሲተኙ ነው የሚደረገው። ነጠላ መጠምጠም አይበቃም፤ ነጭ ስለሆነ ያሳልፋል፣ ሲገላበጡም ይፈታል።

የእኔን ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ከቁርጥራጭ ጥቁር ጥጥ ሠራልኝ፦ ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 9 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለት ድርብ፣ ከታች መካከሉ ላይ ለአፍንጫ የሚሆን ቅስት የተቆረጠለት፣ ኋላው ሰፋ ያለ ላስቲክ። አድርገውት ፊትዎን ወደ ተከፈተ በር ያዙሩና ከውስጥ ዓይንዎን ይግለጡ። ብርሃን የሚያሾልከው ሁልጊዜ ከአፍንጫ ጎን ነው፤ እዚያ ቦታ ከውስጥ በኩል ጣት የሚያህል ጥቅል ጨርቅ ያሰፉበት። ሲነሱ ለአፍታ ብዥ ካለብዎ ወይም የላስቲኩ ምልክት ከቀረ ጠብቋልና ያላሉት።

ጨለማ ፍለጋ አየር እንዳይዘጉ

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። ሰው መስኮት ይዘጋል፣ የበሩን ስር በጨርቅ ይወትፋል፣ ማንደጃውንም ወደ ውስጥ ያስገባል። ከሰል የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭሱ ጠፍቶ ፍም ብቻ ሲቀር እንኳ ይወጣል። የነቃ ሰው ራሱን ሲያመው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጆሮውን ደፍኖ ዓይኑን ሸፍኖ የተኛ ግን ሳያውቀው ያልፋል። እኛ ክፍል ጠዋት ቡና የሚፈላው እኔ በተኛሁበት ነበር፤ ስነሳ ራሴን ድፍን አድርጎ ያመኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ውጭ ስቆም ይተወኛል። በእንቅልፍ እጦት ነበር የማሳብበው። ውጭ ሲወጡ የሚተው፣ አብሮ አደሮችንም የሚያማቸው ራስ ምታት የከሰል ነው። ማንደጃው በረንዳ ላይ ይሁን፣ ፍሙም ለሙቀት አይግባ። ለብርድ ጋቢ ይደርቡ፤ ለጨለማው መሸፈኛው ስላለ በሩንም መወተፍ አያስፈልግም።

ከሰው ጋር መስማማት

አብሮ አደሮቼን «ጸጥ በሉ» ብላቸው አይሆንም፤ ክፍሏ የእነሱም ናት። የጠየቅኳቸው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ልብሳቸውን ማታ በር አጠገብ እንዲያዘጋጁ፣ ሬዲዮ ጠዋት ውጭ እንዲሆን፣ የበሩን ማጠፊያ ዘይት እንድቀባው። በምትኩ እኔ ሌሊት ስገባ መብራት አላበራም፤ ጫማዬን ውጭ አወልቄ በስልክ ጭላንጭል እገባለሁ፣ ትኩስ ዳቦም ይዤላቸው እመጣለሁ። ዳቦው ከንግግሩ በላይ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

የከበደኝ የአከራያችን ቡና ነበር። ሲጠሩኝ ካልወጣሁ መናቅ ይመስላል።

«አንተ ልጅ፣ ታመህ ነው እንዴ ፀሐይ ወጥቶ የምትተኛው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«የለም እትዬ፣ ሌሊቱን ሥራ አድሬ ነው። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ከተነሳሁ በኋላ ቢጠሩኝ ደስ ይለኛል።»

«ታዲያ እስካሁን ምነው ሳትነግረኝ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስተኛዋ እስክትደርስ ይጠብቁኝ ነበር።