ስለ ጃይኒዝም ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ጥንታዊት ህንድ ሃይማኖቶች ሲወራ ቡድሃ ሁሌም ቀድሞ ይነሳል። ጃይኒዝም ግን ብዙ ጊዜ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል፤ እሱም «ቡድሂዝምን የሚመስል፣ ግን ጠበቅ ያለ» ተብሎ። አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመጡት ከዚህ ነው፤ ጃይኖችን በራሳቸው ቤት ሳይሆን በጎረቤታቸው መስኮት ከማየት። ደጋግሜ የማገኛቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ከቡድሂዝም የወጣ ቅርንጫፍ ነው» ማለት

ይህ ስህተት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ምሁራን ዘንድም የተለመደ ነበር። ሁለቱም ሃይማኖቶች ያበቡት በጋንጅስ ወንዝ ሸለቆ፣ በዛሬው ቢሃር አካባቢ ነው። ሁለቱም የብራህሚን ካህናትን መሥዋዕት አይቀበሉም። ሁለቱም ከቤቱ ወጥቶ በልመና የሚኖር መነኩሴ አላቸው። ስለዚህ አንዱ ከሌላው የተቀዳ መሰለ። ግምቱን ያፈረሰው ጀርመናዊው ሄርማን ያኮቢ ነው። በ1879 እና በ1884 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ሥራዎች የጃይኖችን ጥንታዊ መጻሕፍት ከቡድሂስቶቹ ጎን አድርጎ አነበባቸው።

ያገኘው ማስረጃ የሚገርመው ከተቀናቃኙ ወገን መምጣቱ ነው። የቡድሂስት መጻሕፍት የጃይኖችን ታላቅ መምህር ማሃቪራን «ኒጋንታ ናታፑታ» ይሉታል። የሚያውቁትም ከቡድሃ ጋር በአንድ ዘመን የኖረ፣ የራሱ ማኅበር ያለው መምህር አድርገው ነው። የቡድሃ ተማሪ ነበር የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ስለ ትምህርቱ ሲናገሩ ደግሞ «አራት እገዳዎችን ያስተምራል» ይላሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ማሃቪራ ለመነኮሳቱ ያወጣው አምስት ቃል ኪዳን ነው፦ አለመግደል፣ አለመዋሸት፣ ያልተሰጠውን አለመውሰድ፣ ድንግልና እና ንብረት አለመያዝ። በጃይኖች በራሳቸው ወግ አራቱ እገዳዎች የፓርሽቫ ናቸው። ፓርሽቫ ከማሃቪራ በፊት የኖረው መምህር ነው፤ ወጉ 250 ዓመት ያህል ያስቀድመዋል።

በጃይኖች መጽሐፍ ውስጥ ይህንን የሚያስረዳ ግሩም ውይይት አለ። ቦታው ሽራቫስቲ ከተማ ነው። በአንድ ወገን የፓርሽቫን መንገድ የሚከተለው ኬሺ ደቀ መዛሙርቱን ይዞ መጥቷል። በሌላው ወገን የማሃቪራ ታላቅ ደቀ መዝሙር ጋውታማ አለ (ስሙ ቢመሳሰልም ቡድሃ አይደለም)። ደቀ መዛሙርቱ ግራ ገብቷቸዋል፤ ግባችን አንድ ከሆነ ለምን የእኛ ሕግ አራት፣ የእናንተ አምስት ሆነ? ለምን እኛ ልብስ እንለብሳለን፣ የእናንተ መምህር ግን ያለ ልብስ እንዲሄዱ አስተማረ? ጋውታማ ሲመልስ ሕጉ የሚለያየው በሰዎቹ ጠባይ ነው ይላል። የኋለኞቹ ሰዎች ማምለጫ ቀዳዳ ስለሚፈልጉ ሕጉ በግልጽ ተዘርዝሮ ሊነገራቸው ይገባል። ኬሺም በመጨረሻ አምስቱን ተቀበለ።

ማሃቪራ ሲመጣ የቆየ ማኅበር ነበረ ማለት ነው። እንዲያውም ወላጆቹ የፓርሽቫ ተከታዮች እንደነበሩ የጃይኖች መጽሐፍ ይናገራል።

ማሃቪራን «መሥራች» ብሎ መጻፍ

ከላይ ካለው ይከተላል። ለጃይኖች ማሃቪራ የዚህ ዘመን 24ኛውና የመጨረሻው ቲርታንካራ ነው፣ ማለትም ጠፍቶ የነበረውን መንገድ እንደገና የከፈተ መምህር። ለታሪክ ጸሐፊ ከ24ቱ ውስጥ በአግባቡ የሚያዙት ፓርሽቫና ማሃቪራ ብቻ ናቸው። «ታላቁ አዳሽ» ቢባል ከሁለቱም ወገን ጋር አያጣላም።

የዘመኑ ነገርም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 599–527 የሚለው የወግ ቁጥር ነው። ዛሬ ብዙ ምሁራን የቡድሃን ሞት ወደ 400 ዓመተ ዓለም ገደማ ስላወረዱት ማሃቪራም አብሮ ይወርዳል፤ ወደ 5ኛው ክፍለ ዘመን።

መጥረጊያውንና የአፍ ጨርቁን በትንኝ ማስረዳት

መጥረጊያ ይዘው፣ አፋቸውን በጨርቅ ሸፍነው የሚሄዱ የጃይን መነኮሳትን ፎቶ ያየ ሰው ወዲያው «ትንኝ እንዳይውጡ ነው አፋቸውን የሚሸፍኑት» ይላል። ጃይኖች ራሳቸው የሚሰጡት ምክንያት ሰፋ ይላል። በእነሱ እምነት ሕይወት ያለው በሚንቀሳቀሰው ብቻ አይደለም። በአፈር፣ በውሃ፣ በእሳት፣ በአየርና በዕፅዋት ውስጥ የመዳሰስ ስሜት ብቻ ያላቸው ነፍሳት አሉ። ትኩሱ የአፍ ትንፋሽ የሚጎዳው እነዚህን የአየር ነፍሳት ነው። ሌላው ነገር፣ ጨርቁን ቀኑን ሙሉ አስረው የሚውሉት ስታናክቫሲና ቴራፓንቲ የተባሉት የነጭ ለባሾቹ (የሽቬታምባራ) ክፍሎች ናቸው። ሌሎቹ ነጭ ለባሾች ሲናገሩ ብቻ በእጃቸው ይዘው ወደ አፋቸው ያስጠጉታል። ልብስ የተዉት የዲጋምባራ መነኮሳት ጭራሽ አይጠቀሙበትም። እነሱ የሚይዙት የጣኦስ ላባ መጥረጊያና የውሃ ዕቃ ነው።

ሕጉ ምን ያህል ወደ ዕለት ኑሮ እንደሚወርድ ለማየት የነጭ ለባሽ መነኩሴን የልመና ጉዞ ተከተሉ። በባዶ እግሩ፣ መሬቱን እያየ ይሄዳል። ዝናብ እየጣለ ከሆነ አይወጣም። ከአንድ ቤት ጠግቦ አይወስድም፤ ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ ነው፣ ቤተሰቡ እንደገና ለማብሰል እንዳይገደድ። ለእሱ ተብሎ የተበሰለ ምግብ አይቀበልም። ሴትየዋ ልትሰጠው ስትነሳ ጥሬ ቅጠል ከረገጠች ወይም ያልፈላ ውሃ ከነካች «አይሆንም» ብሎ ያልፋል። አንድ ጥንታዊ የመነኮሳት መመሪያ ደግሞ ይህን ይጨምራል፦ የምታጠባ እናት ልጇን እያለቀሰ አስቀምጣ ምግብ ብታመጣለት መነኩሴው መቀበል የለበትም። ለእኔ የሕጉ ልብ እዚህ ጋ ይታያል። የልጁ ለቅሶ የመነኩሴው ምግብ ዋጋ ሆኖ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ምግቡ ንጹሕ አይደለም።

የመነኩሴውን ሕግ ለሁሉም ጃይን ማልበስ

«ጃይን ሁሉ እየጠረገ ይሄዳል» ማለት ሐሰት ነው። አምስቱ ታላላቅ ቃል ኪዳኖች ለመነኮሳትና ለመነኮሳይት ናቸው። ምዕመናን እነዚያኑ አምስት በተመጠነ መልክ ይይዛሉ። ለምሳሌ ድንግልና የነበረው ለትዳር ጓደኛ መታመን ይሆናል፤ ንብረት አለመያዝ የነበረው ለሀብት ወሰን ማበጀት ይሆናል። ነጋዴ ሆኖ መኖር የሚቻለው ለዚህ ነው። ሥጋ ግን ምዕመናኑም አይበሉም፤ አጥባቂዎቹ ድንችና ሽንኩርትን የመሳሰለ ሥራ ሥርም ይተዋሉ።

«በአሂምሳ ጉዳይ ከቡድሂስቶች ጋር አንድ ናቸው» ማለት

ሰፊው ስህተት ይህ ነው። አሂምሳ ማለት ሕይወት ያለውን አለመጉዳት ነው። ሁለቱም መግደልን ይከለክላሉ፣ ግን ጥፋቱ የት ላይ እንደሚጀምር አይስማሙም። በቡድሂስቶቹ የመነኮሳት ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ያለ አንድ ታሪክ ነገሩን ያወጣዋል።

ሲሃ የቫይሻሊ ከተማ የጦር አዛዥ ነው፤ የኒጋንታዎች ማለትም የጃይኖች ተከታይ ነበር። መምህሩ ቢከለክለውም ቡድሃን ሄዶ ሰማው፣ ተከታዩም ሆነ። ቡድሃ ግን «ቤትህ ለኒጋንታዎች ለረጅም ጊዜ ክፍት ነበር፤ ምጽዋታቸውን እንዳታቋርጥ» አለው። በማግስቱ ሲሃ ቡድሃንና መነኮሳቱን ጋበዘ። የተገኘ ሥጋ እንዲመጣለት ሰው ላከ። ወዲያው ኒጋንታዎቹ ከመንገድ መንገድ እጃቸውን እያወናጨፉ ጮኹ፦ ሲሃ ትልቅ እንስሳ አርዷል፤ ጋውታማ ቡድሃም ለእሱ መታረዱን እያወቀ ሊበላ ነው! ሲሃ ሐሜት ነው አለ፤ እያወቅሁ ነፍስ አላጠፋም ሲል መለሰ። ከዚያ በኋላ ቡድሃ ሕግ አወጣ። መነኩሴ ለእሱ ሲታረድ ካላየ፣ ካልሰማና ካልጠረጠረ ሥጋውን መብላት ይችላል።

ይህን ስናነብ ተራኪው ማን እንደሆነ አንርሳ። ኒጋንታዎቹ ሐሜተኛ ሆነው የቀረቡት በተቀናቃኞቻቸው ብዕር ነው። የጃይኖቹን መጽሐፍ ብንከፍት ደግሞ ተራው ይገለበጣል። አርድራካ የተባለ ጃይን ከአንድ ቡድሂስት ጋር ይከራከራል። ቡድሂስቱ እንዲህ ሲል ቀርቧል፦ አንድ ሰው የፋጉሎ ክምርን ሰው መስሎት በጦር ቢወጋ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ሰውን ፋጉሎ መስሎት፣ ወይም ሕፃንን ቅል መስሎት ቢጠብስ ግን ጥፋት የለበትም። አርድራካ በዚህ ይቆጣል። ማንም ቡድሂስት ትምህርቱን በዚህ መልክ አይቀበለውም። ነገር ግን ክርክሩ የቆመበት ቦታ በግልጽ ይታያል፤ ቡድሃ ሐሳብን ያስቀድማል፣ ጃይኖች ደግሞ «አላሰብኩትም» የሚለውን ማመካኛ አይቀበሉም።

ከዚህ ተነስቶ ጃይኖች ሐሳብን ከቁጥር አያስገቡም ማለትም ሌላ ስህተት ነው። በኋላ የተጻፈው ታትቫርታ ሱትራ ግፍን ሲተረጉም በቸልተኝነት ሕይወትን ማጥፋት ይለዋል። መነኩሴው እያየና እየጠረገ ሄዶ ነፍሳት ብትሞት አንድ ነገር ነው። ሳያይ ሄዶ ምንም ባይሞት እንኳ ጥንቃቄውን ጥሏል። መጥረጊያው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ተጽዕኖውን ከቡድሂዝም ወደ ጃይኒዝም ብቻ ማስኬድ

የቡድሂስት መነኮሳት በክረምት ሦስት ወር አንድ ቦታ ይቀመጣሉ፤ ጃይኖች አራት ወር። ማን ከማን ወሰደ? የቡድሂስቶቹ ሕግ መጽሐፍ ራሱ የሕጉን አመጣጥ ሲተርክ ሕዝቡ አጉረመረመ ይላል። የእነዚህ መነኮሳት ነገር ምንድን ነው፣ በዝናብ ወራት ለምለሙን ሣር እየረገጡ፣ አንድ ስሜት ያላቸውን ነፍሳት እየጎዱ ይዞራሉ፤ የሌሎቹ ማኅበራት ሰዎች ግን አርፈው ይቀመጣሉ! ቡድሃም የክረምቱን ቆይታ ደነገገ። «ሌሎቹ ማኅበራት» በስም አልተጠሩም። ሆኖም አንድ ስሜት ስላላቸው ነፍሳት መጨነቅ የጃይኖችን አስተሳሰብ በጣም ይመስላል። ቢያንስ ልማዱ ከቡድሃ ማኅበር በፊት በአካባቢው እንደነበረ መጽሐፉ አልደበቀም።

መድረኩን ለሁለት ብቻ ማካፈል

በዚያ ዘመን ሦስተኛ ትልቅ ማኅበር ነበር፤ አጂቪካዎች። መምህራቸው ማካሊ ጎሳላ ሁሉም በዕጣ ፈንታ የተወሰነ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። እንደ ጃይኖች ወግ ከማሃቪራ ጋር 6 ዓመት አብሮ ኖሮ በጠብ ተለይቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ አሾካ በሰባተኛው የዓምድ አዋጁ ሹማምንቱ የሚንከባከቧቸውን ማኅበራት ሲዘረዝር ቡድሂስቶችን፣ ብራህሚኖችን፣ አጂቪካዎችንና ኒጋንታዎችን ይጠራል። ቡድሂስት የነበረው ይኸው ንጉሥ በባራባር ኮረብቶች ከዐለት የተፈለፈሉ ዋሻዎችን ለአጂቪካዎች ሰጥቷል። ዋሻዎቹ ዛሬም ቢሃር ውስጥ ቆመው ይገኛሉ። ከአጂቪካዎቹ መጻሕፍት ግን የተረፈ የለም፤ ትምህርታቸውን የምናውቀው ጃይኖችና ቡድሂስቶች ሲቃወሟቸው ከጻፉት ነው።