ግሉተን የሌለው ኬክ ለምን ይጣበቃል? ለምንስ ይፈረፈራል? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ግሉተን የሌለው ኬክ የሚበላሸው በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ያልበሰለ ሊጥ ይመስል ጥርስ ላይ ይጣበቃል፤ ወይ ቢላ ሲነካው ይፈረፈራል። ሁለቱም ሲያጋጥም ብዙ ሰው እጁን የሚሰድደው ዛንታን ገም ወደሚባለው ማያያዣ ዱቄት ነው። ዛንታን ገም ግን የሚያግዘው መፈርፈርን ብቻ ነው። መጣበቅን ጭራሽ ያብሰዋል።

ነገሩን በአንድ ኬክ እንየው። ደብረ ማርቆስ የምትኖር አንዲት እናት ልጇ ሴሊያክ፣ ማለትም የስንዴና የገብስ ግሉተን የሚያስነሳው የአንጀት በሽታ፣ ስላለባት ስንዴና ገብስ አትሰጣትም። ለልደቷ ከኢንተርኔት ባገኘችው አሠራር ኬክ ጋገረች። ድብልቁ 100 ግራም የሩዝ ዱቄት፣ 75 ግራም ነጭ ጤፍ እና 75 ግራም የበቆሎ ስታርች ነበር። ሁለት የሻይ ማንኪያ ዛንታን ገም፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር እና 250 ግራም ስኳር ጨመረችበት። ኬኩ ኦቨን ውስጥ አምሮ ተነሳ። ሲወጣ መሀሉ ሰመጠ። መሀሉ እርጥብ፣ ዳሩ ደግሞ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ሆነ። «ማያያዣው አንሶት ነው» ብላ በሁለተኛው ላይ ገሙን ጨመረች፤ ባሰበት። በሦስተኛው ጭራሽ ተወችው፤ ሳህን ላይ ፍርፋሪ ሆኖ ቀረ።

ስህተት 1፦ የዳቦን ልክ ለኬክ መጠቀም

ዛንታን ገም ባክቴሪያ ስኳር አብላልቶ የሚሠራው ነጭ ዱቄት ነው። ውሃ ሲነካው ወዲያው ይወፍራል። ሊጡ ወፍሮ የአየር አረፋው እንዳያመልጥ፣ ዱቄቱም እንዳይዘቅጥ ያደርጋል። ሥራው ይኸው ነው። እንደ ስንዴ ግሉተን ተለጥጦ የሚሸከም መረብ አይሠራም። ስለዚህ ብዛቱ ጥንካሬ አይጨምርም፤ ውሃውን ይዞ አልለቅም ይላል እንጂ።

ሁለት የሻይ ማንኪያ ለ250 ግራም ዱቄት የዳቦ ልክ ነው። ዳቦ በእርሾ ለረጅም ሰዓት ስለሚነሳ ያንን ያህል ይፈልጋል። ኬክ ግን እንቁላል አለው፤ እንቁላሉ ሲበስል ራሱ ያያይዛል። ሦስት እንቁላል ለገባበት 250 ግራም ድብልቅ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ማንኪያው ያልተቆለለ፣ በቢላ ጀርባ የተስተካከለ ይሁን። የቤት ሚዛን አንድ ግራምን በትክክል አይለይም፤ ለዚህ ነገር ማንኪያ ይሻላል። እንቁላል ለሌለው የጾም ኬክ ደግሞ ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ጥፋቱ የገሙ መሆኑን በምን ይለያሉ? ከኬኩ ዳር ትንሽ ቆርሰው በሁለት ጣት ይጫኑት። ዳሩ ከመሀሉ በፊት የሚበስል ክፍል ነው። ዳሩም ላስቲክ ከሆነ ገም በዝቷል። ዳሩ ደህና ሆኖ መሀሉ ብቻ የሚጣበቅ ከሆነ ገሙን አይንኩት፤ ችግሩ አበሳሰል ላይ ነው። የዚያች እናት ኬክ ሁለቱም ችግር ነበረበት፤ አንዱን ብቻ ማረም ያልጠቀማት ለዚህ ነው።

አገባቡም ወሳኝ ነው። ገሙን እርጥብ ሊጥ ላይ ከበተኑት በየቦታው ይጓጉላል፤ የተጓጎለው ደግሞ ኋላ አይፈታም። አስቀድመው ከስኳሩ ጋር በደረቁ በደንብ ያዋህዱት።

ዛንታን ገም ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ብዙ ሰው ከአዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ካለ ዘመድ ያስመጣል። ሲጠፋ ተልባ አለልዎት። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ በጥብጠው አሥር ደቂቃ ያቆዩት፤ ይዝለገለጋል። ያንኑ ያህል ወተት ከሊጡ ላይ ይቀንሱ። ያልተቆላ ተልባ ይምረጡ፤ የተቆላው ጣዕሙ ኬኩን ይውጠዋል። ቀለሙ መጥቆሩ አይቀርም። ከጤፍ ጋር ሲሆን ግን ብዙም አያስከፋም።

ስህተት 2፦ የቆላ አገር አሠራርን ደጋ ላይ እንዳለ መገልበጥ

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነውና። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 94 ገደማ ነው። በኢንተርኔት የሚገኙት አብዛኞቹ አሠራሮች የተለኩት ግን ዝቅ ባለ አገር ነው።

ይህ ከኬክ ጋር ምን አገናኘው? ግሉተን የሌለው ኬክ የሚቆመው በስታርች እና በእንቁላል ነው። ስታርቹ ውሃ ጠጥቶ፣ አብጦ፣ እስኪጠና ድረስ ኬኩ ገና ሊጥ ነው። ስኳር ደግሞ ይህን ያዘገያል፤ ስኳር በበዛ ቁጥር ስታርቹ ለመብሰል ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል። የኬኩ ውስጥ ግን ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት ብዙም አይዘልም። ደጋ ላይ ጣሪያው ዝቅ ብሏል፤ በ250 ግራም ስኳር መብሰያውን ከፍ ስናደርገው በሁለቱ መካከል የቀረው ክፍተት ጠበበ። ስለዚህ መሀሉ ሳይጠና ይቀራል።

በዚያ ላይ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ አረፋው ከመጠን በላይ ይነፋል። ሦስት ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሲታከልበት ኬኩ ስታርቹ ሳይጠና ቶሎ ይነሳል፤ የሚይዘው ሲያጣ ይወድቃል። የወደቀው ክፍል ተደፍኖ የሚጣበቅ ይሆናል። «አምሮ ተነስቶ ነበር እኮ፣ ሲወጣ ሰመጠ» የሚባለው ኬክ ታሪኩ በአብዛኛው ይኸው ነው።

መፍትሔው ሦስት ነገር ነው። ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያውርዱ። ስኳሩን ወደ 180 ግራም ይቀንሱ። ኦቨኑን ከ180 ወደ 190 ዲግሪ ከፍ ያድርጉ፤ ዳሩና ላዩ ቶሎ እንዲጸና።

ወተቱን ግን አይቀንሱ። መሀሉ እርጥብ ሲሆን «ፈሳሽ በዝቶ ነው» ማለት ይቀናል። ደጋ ላይ ውሃው ቶሎ ስለሚተን ፈሳሽ ያነሰው ኬክ በማግስቱ ይፈረፈራል።

የምግብ ቴርሞሜትር ያላችሁም ልብ በሉ። «ውስጡ 98 ዲግሪ ሲደርስ ይውጣ» የሚል መመሪያ ደብረ ማርቆስ ላይ አይሠራም። 98ን ስትጠብቁ ኬኩ ይደርቃል። እዚያ 91 ገደማ ሲደርስ በቂ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ዳሩ ከቅርጹ መላቀቁን እዩ፤ መሀሉን በጣት ነካ ስታደርጉት ተመልሶ መነሳቱንም እዩ። መብራት መሀል ላይ ጠፍቶ ከሆነ የኦቨኑን በር አትክፈቱ፤ ያለው ሙቀት ይቆይላችሁ።

ስህተት 3፦ የበቆሎ ዱቄትን በስታርች ምትክ ማስገባት፣ ሻካራ ሩዝን ወዲያው መጋገር

ስታርች ከሱቅ በፓኬት የሚገዛው፣ በጣት ሲታሽ እንደ በረዶ የሚንጫጫ ነጭ ዱቄት ነው። ከወፍጮ ቤት የሚመጣው የበቆሎ ዱቄት ሌላ ነው። ፍሬው በሙሉ ስለተፈጨ ሻካራ ነው፤ አያያይዝምም። በቦታው ከገባ ኬኩ እንደ ቂጣ ይፈረፈራል። በተቃራኒው ስታርቹን ከድብልቁ ግማሽ በላይ ካደረጉት ኬኩ ይንዘላዘላል፣ አፍ ውስጥም ይጣበቃል። ከሦስት እጅ አንድ እጅ ገደማ ይበቃዋል።

የሩዝ ዱቄትም ጉዳይ አለው። ወፍጮ ቤት የተፈጨ ሩዝ ብዙ ጊዜ አሸዋማ ነው። ሻካራው ቅንጣት ውሃ ለመጠጣት ጊዜ ይፈልጋል። ሊጡ ወዲያው ኦቨን ከገባ ቅንጣቱ ሳይርስ ይቀራል፤ ኬኩ ከቀዘቀዘ በኋላም ዙሪያው ያለውን እርጥበት ይስባል። የዚያች እናት ሦስተኛ ኬክ የተፈረፈረው በገም እጦት ብቻ አልነበረም፤ ይህም ነበረበት። ዱቄቱን በጠባብ ወንፊት ይንፉት። ከዚያ ከወተቱ፣ ከዘይቱና ከእንቁላሉ ጋር አዋህደው 30 ደቂቃ ያሳርፉት። ቤኪንግ ፓውደሩን መጨረሻ ላይ፣ ኦቨን ሊገባ ሲል ይጨምሩ፤ ቀድሞ ከገባ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል።

ጎጃም ውስጥ ዳጉሳም በሰፊው አለ፤ ግሉተንም የለውም። ከጤፉ ግማሹን በዳጉሳ መተካት ይቻላል። ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ ጣዕሙን ግን እኔ እወድለታለሁ።

ስህተት 4፦ የወፍጮውን ነገር መርሳት

ጤፍ፣ ሩዝና ዳጉሳ በተፈጥሯቸው ግሉተን የላቸውም። ከእነሱ በፊት ስንዴ በፈጨ ወፍጮ ከተፈጩ ግን የስንዴው ዱቄት አብሮ ይመጣል። ሴሊያክ ላለበት ሰው ትንሹም ይጎዳል። «ወፍጮው ተጠርጓል» መባሉ አይበቃም፤ በድንጋዩ ጥርስና በመውረጃው የሚቀር አለ። እህሉን ለቅመው፣ ስንዴ ነክቶት በማያውቅ የቤት መፍጫ ይፍጩ። ተልባውንም እንዲሁ። ለአንድ ኬክ 175 ግራም ጤፍና ሩዝ ነው የሚያስፈልገው፤ ትንሽ መፍጫ ይወጣዋል። የቤኪንግ ፓውደሩን ፓኬትም ያንብቡ፤ አንዳንዱ መሙያው የስንዴ ስታርች ነው።

ስህተት 5፦ ትኩሱን መቁረጥ፣ የቀረውን ፍሪጅ ማስገባት

ስታርች ኦቨን ውስጥ ቢጠናም ጨርሶ የሚጸናው ሲቀዘቅዝ ነው። በደንብ የበሰለ ኬክም በትኩሱ ከተቆረጠ የሚጣበቅ ይመስላል፤ ብዙ ደህና ኬክ «አልበሰለም» ተብሎ የሚጣለው ለዚህ ነው። ከኦቨን ከወጣ አሥር ደቂቃ በኋላ ከቅርጹ አውጥተው በወንፊት ወይም በሽቦ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት። ቅርጹ ውስጥ ከቆየ እንፋሎቱ ወደ ታች ተመልሶ ሥሩን ያረጥበዋል። ከታች በኩል ብቻ አንድ እርጥብ መስመር ካዩ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ይህንን ነው።

ሲተርፍ ደግሞ ፍሪጅ አይስማማውም፤ ስታርቹ ቅዝቃዜ ላይ ቶሎ ይደርቅና ይፈረፈራል። ለነገ የሚበላውን በደንብ ሸፍነው ውጭ ያቆዩት። ከዚያ በላይ ለሚቆየው ቆራርጠው፣ ለየብቻ ጠቅልለው ፍሪዘር ውስጥ ይክተቱት።

ያቺ እናት አሁን የምትሠራበት ልክ ይኸው ነው፦ 100 ግራም ሩዝ፣ 75 ነጭ ጤፍ፣ 75 ስታርች፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዛንታን ገም፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 180 ግራም ስኳር፣ ሦስት እንቁላል፣ 120 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 200 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ቁንጥር ጨው። 22 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቅርጽ፣ በ190 ዲግሪ፣ 40 ደቂቃ ገደማ። ባሕር ዳር ለሚጋግር ሰው ቤኪንግ ፓውደሩ ሁለት ማንኪያ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው እንዳለ ይቆይ።