በሆልደም ፖከር ካርታ ሲመርጡ ወንበርን መርሳት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኪንግና ጃክን የትም ተቀምጦ መጫወት።
ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚህ ላይ ነው። ዘጠኝ ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ መጀመሪያ የሚወስነው ትልቁን የግዴታ ውርርድ ከሚያስገባው ከቢግ ብላይንድ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ከኋላው ስምንት ሰው ገና ተራው አልደረሰም። እርስዎ እዚያ ተቀምጠው ምልክታቸው የተለያየ ኪንግና ጃክ ደረሰዎት እንበል። ከቀሩት 50 ካርታዎች 1225 ዓይነት ጥንድ ይወጣል። ከእነዚህ 54ቱ ያስፈራሉ፦ ሁለት ኤስ፣ ሁለት ኪንግ፣ ሁለት ኩዊን፣ ሁለት ጃክ፣ ኤስ ከኪንግ፣ ኤስ ከጃክ፣ ኪንግ ከኩዊን። ከስምንቱ ቢያንስ አንዱ ከእነዚህ አንዱን የመያዙ ዕድል 30 በመቶ ገደማ ነው። ባተን፣ ማለትም የአዳዩ ወንበር ላይ ሆነው ከፊትዎ ያሉት ሁሉ ከጣሉ ግን የሚቀሩት ሁለቱ ብላይንዶች፣ ስሞሉና ቢጉ፣ ብቻ ስለሆኑ ዕድሉ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል።

ጉዳቱ ደግሞ የሚታየው ሲሳካልዎት ነው። ፍሎፕ ላይ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች፣ ኪንግ ሲወጣ ደስ ይላል፤ ኤስና ኪንግ የያዘው ሰው ግን በኤሱ ስለሚበልጥዎት እስከ መጨረሻው ያስከፍልዎታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወንበር ከ7 በላይ ያሉ ጥንዶች፣ ኤስ ከኪንግ፣ ኤስ ከኩዊንና ምልክታቸው አንድ የሆኑ ጥቂት ትልልቅ ካርታዎች ይበቃሉ።

ባተን ላይ ሲሆኑ ፈሪ መሆን።
ባተን ከፍሎፕ በኋላ በየዙሩ የመጨረሻውን ቃል ይናገራል። ምልክታቸው አንድ የሆነ 7ና 6 ይዘው፣ ሌላው ቼክ ካለ፣ ማለትም ሳይወራረድ ካለፈ፣ እርስዎም ቼክ ብለው ቀጣዩን ካርታ ያለ ክፍያ ያያሉ። በዚያ ላይ ብላይንዶቹ ራሳቸው አሉ፦ ስሞሉ ግማሽ፣ ቢጉ አንድ፣ ባንድ ላይ 1.5 ቢግ ብላይንድ። እርስዎ 2.5 ቢግ ብላይንድ ቢያስገቡ፣ ከ100 ጊዜ ከ62 በላይ ሁለቱም ከጣሉ ካርታዎ ምንም ይሁን ያተርፋሉ። ሁሉም ጥንድ፣ ምልክቱ አንድ የሆነ ማንኛውም ኤስ፣ ተከታታይ ካርታዎችም ከባተን ይከፈታሉ።

ሰው ካስገባ በኋላም ባተንን ማመን።
ይህ ሁሉ የሚሠራው ከፊትዎ ያሉት ከጣሉ ነው። ከመጀመሪያው ወንበር ሬይዝ፣ ማለትም ውርርዱን ማሳደግ፣ ከመጣ ያ ሰው ስምንት ሰው ከኋላው እያለ ደፍሯል፤ ኪንግና 9 በዚያ ሰዓት ይጣላል።

ስሞል ብላይንድን እንደ መጨረሻ ወንበር መቁጠር።
ከፍሎፕ በፊት ከመጨረሻው ሁለተኛ ነው፤ ከፍሎፕ በኋላ ግን ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው። ግማሹን ከፍያለሁና ልጨርሰው ማለት ውድ ልማድ ነው።

የወንበሩን ስም ብቻ መሸምደድ።
ከኋላዎ ያለውን ሰው ይቁጠሩ። ስድስት ሰው ባለበት ጠረጴዛ የመጀመሪያው ወንበር ከኋላው አምስት ሰው አለው፤ ይህ በዘጠኝ ሰው ጠረጴዛ ላይ አራተኛው ወንበር ማለት ነው፣ ካርታውም በዚያው ልክ ይሰፋል።