ለወላጆቼ መታጠቢያ ቤት፦ ምንጣፍ፣ ቴፕ ወይስ መያዣ ብረት?

ጎንደር ያለው የወላጆቼ መታጠቢያ ቤት ወለሉ ለስላሳ ሴራሚክ ነው። ውሃ ስለሚቆራረጥ በርሜሉም ባልዲውም እዚያው ነው፤ ወለሉ ደረቀ የሚባልበት ጊዜ የለም። እማዬ ከሻወር ስትወጣ የምትይዘው የፎጣ መስቀያውን ነበር፤ እሱ ደግሞ ፎጣ እንጂ ሰው አይችልም።

የጎማ ምንጣፉን ተውነው። ከሥሩ ያሉት መምጠጫዎች የሴራሚክ መጋጠሚያ ላይ ሲያርፉ አየር ይገባና ይለቃሉ፤ በእግሬ ገፋ ሳደርገው ሄደ። አባዬም እግሩን ስለሚጎትት ጠርዙ ያደናቅፈዋል።

ሻካራው ቴፕ ይሻላል፣ አለጣጠፉ ከታወቀ። የሳሙናው ቅሪት ተፈግፍጎ ወለሉ በደንብ መድረቅ አለበት። የቴፑን ማዕዘን ክብ አድርጌ ቆረጥኩት፣ አለዚያ ቶሎ ይላጣል። ከለጠፍኩ በኋላ 24 ሰዓት ውሃ አላስነካሁትም፤ ያን ቀን ሁሉም ጎረቤት ቤት ሄዶ ታጠበ።

ቴፕ ግን ከመንሸራተት እንጂ ሚዛን ከመሳት አያድንም፤ ለዚያ መያዣ ብረት ያስፈልጋል። በመምጠጫ የሚለጠፈውን አልገዛሁም፣ ሳይታሰብ ይለቃል። ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ መሃሉ ባዶ ነው፤ ተራ ፊሸር ሰው ሲንጠለጠልበት ተነቅሎ ይወጣል። ስለዚህ ግድግዳውን ወዲያ ማዶ ድረስ በስተን ረጅም ቡሎን አሳለፍንና በኮሪደሩ በኩል ሰፊ ላሜራ አድርገን በዳዶ አሰርነው። ሴራሚኩ እንዳይሰነጠቅ ድሪሉ የመዶሻ ምቱ ጠፍቶ ነው የጀመረው። ከፍታውን የወሰንነው እማዬን አቁመን፣ እጇ ሳትንጠራራ የሚያርፍበት ላይ ነው። ከዚያ እኔው በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት፤ ንቅንቅ አላለም። የፎጣ መስቀያውን ግን ነቅለን ጣልነው፣ እጅ የለመደውን ይፈልጋልና።